የሚነጥረው ኳስና ዐሥራ ሁለቱ የአኒሜሽን ሕጎች
ለጀማሪዎች የተሰናዳ የአራት ክፍለ ጊዜ ትምህርት

ሥዕል የማያውቅ ሰው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሊሠራ አይችልም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ይገኛል። ይህ ትምህርት ግን የተሰናዳው ክብ ከመሣል በቀር ሌላ ለማይችል ተማሪ ነው። የምንሠራበትም ነገር አንድ ኳስ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ኳሱ ይወድቃል፤ ቀጥሎም በገዛ ፈቃዱ ይዘላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የተረዳ ተማሪ ዐሥራ ሁለቱን ሕጎች ተረድቷል ማለት ይቻላል።

ሕጎቹ በዋልት ዲስኒ የሥዕል ቤት ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ቀስ በቀስ የተገኙ ናቸው። ዐሥራ ሁለት ተብለው ተቆጥረው በመጽሐፍ የወጡት ግን በ1981 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ነው፤ ጸሐፊዎቹም በዚያው ቤት ዕድሜያቸውን በሥራ ያሳለፉት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን ናቸው። ብዙ ጊዜ ሕጎቹ እንደ መዝሙር በተራ ሲጠኑ ይታያል። እኔም በዚህ አኳኋን አጥንቻቸው ስማቸውን በቃሌ እየደገምሁ፥ የሣልሁት ኳስ ግን በገመድ ታስሮ የሚወርድ ባልዲ ይመስል ነበር። ስለዚህ በዚህ ትምህርት እያንዳንዱ ሕግ የሚመጣው ኳሱ በፈለገው ጊዜ እንጂ በቁጥሩ ተራ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ስስ ወረቀት (ኤ4) 70 ያህል፤ እርሳስ፤ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፤ ከሥሩ መብራት የተደረገለት መስተዋት፤ ይህ ከሌለ ቀን የመስኮት መስተዋት ይበቃል። ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ ዐይነት መብሻ ተበስተው በሁለት ችንካር ላይ ይዋሉ፤ ይህ ካልሆነ ሥዕሉ ሲታይ መሬቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፎቶግራፍ ለማንሣት በእንጨት ላይ የታሰረ ስልክ ይበቃል። በኮምፒዩተር መሣል የሚሻ እንደ ክሪታ ያለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ሊጠቀም ይችላል።

በሲኒማ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም አለው። እኛ አንዱን ሥዕል ሁለት ፍሬም ላይ ስለምናቆየው ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃናል። ፕሮግራሙንም በሰከንድ 12 ላይ ማቆም ነው።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፤ ኳሱ ይወድቃል

የዚህ ክፍለ ጊዜ ሕጎች ሦስት ናቸው፤ የጊዜ አመጣጠን፥ በዝግታ መነሣትና በዝግታ ማረፍ፥ እንዲሁም የቅስት መንገድ።

ወረቀቱን በአግድም አድርጋችሁ ከታችኛው ጠርዝ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ የመሬት መስመር አስምሩ። የኳሱ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ይሁን። የምንለካው ከመሬት እስከ ኳሱ ታችኛ ጫፍ ያለውን ከፍታ ነው፤ የኳሱን መካከል አንለካም። የመጀመሪያው ከፍታ 144 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ትምህርቱን የሚመራው ጓደኛ ምንም ሳይናገር፥ ተማሪዎቹ ከዚያ ከፍታ እስከ መሬት በስድስት እርምጃ የሚወርድ ኳስ እንዲሥሉ ያድርግ። አብዛኛው ተማሪ 144ን ለ6 አካፍሎ በየ24 ሚሊ ሜትር ይሥላል። ፎቶግራፉ ተነሥቶ ሲታይ ኳሱ አይወድቅም፤ እንደ ባልዲው ይወርዳል። መስመሩ የሁሉም ያማረ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ ያለው ግን በመስመሩ ላይ ሳይሆን በሥዕሎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ጋሊሌዎ እንዳስተማረው የሚወድቅ ነገር በእኩል ጊዜያት ውስጥ የሚያልፋቸው ርቀቶች እንደ 1፥ 3፥ 5፥ 7፥ 9፥ 11 ያሉ ጎደሎ ቁጥሮችን ይከተላሉ። የስድስቱ ድምር 36 ነው። እኛ አንዱን ክፍል 4 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ርቀቶቹ 4፥ 12፥ 20፥ 28፥ 36፥ 44 ሆነው በድምሩ 144 ይመጣሉ። እንግዲህ ሰባቱ ሥዕሎች ከመሬት የሚኖራቸው ከፍታ እንደሚከተለው ነው።

144 — 140 — 128 — 108 — 80 — 44 — 0

ከላይ ሥዕሎቹ ይደራረባሉ፤ ከታች ይራራቃሉ። በዝግታ መነሣት የሚባለው ሕግ ይኸው ነው። መሬት ሲደርስ ግን በዝግታ ማረፍ የለም፤ ኳሱን የሚያቆመው መሬቱ እንጂ ኳሱ ራሱ አይደለምና።

ሲነጥር እያንዳንዱ ዝላይ ካለፈው በአንድ እርምጃ ያንሳል። መጀመሪያ በ6 እርምጃ ወረደ፤ በ5 ወጥቶ በ5 ይወርዳል፤ ከዚያም በ4፥ ከዚያም በ3። የመውጫው ከፍታ የሚከተለው ነው፤ መውረጃው ያው ወደ ኋላ ተነቦ ነው።

በ5 እርምጃ፤ 36 — 64 — 84 — 96 — 100
በ4 እርምጃ፤ 28 — 48 — 60 — 64
በ3 እርምጃ፤ 20 — 32 — 36

እውነተኛ ኳስ በየዝላዩ የሚቀንሰው በአንድ ዐይነት ሬሾ ስለሆነ ይህ አቆጣጠር የተጠጋጋ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዝላዮች ግን ዐይን ልዩነቱን አያገኝም። ወደ ጎን በየሥዕሉ እኩል 8 ሚሊ ሜትር ይሂድ። ወደ ጎን የሚገፋውም ሆነ የሚያቆመው የለምና እርምጃው አይለወጥም። ነጥቦቹን በአንድ መስመር ስታያይዙ የሚወጣው ቅስት ነው። ከቅስቱ የወጣ ነጥብ ካለ እዚያ ሥዕል ላይ ኳሱ ሲንገዳገድ ይታያል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ሳይነሣ በፊት መስመሩን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል። ሥራው በሙሉ 31 ሥዕል፥ 62 ፍሬም፥ ከሁለት ሰከንድ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው።

የጊዜ አመጣጠን ትልቁ ምሥጢር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ስድስት እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ነው። በግማሽ ሰከንድ አንድ ነገር በእውነት የሚወድቀው 1.2 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሣልነው 144 ሚሊ ሜትር በተመልካቹ ልቡና 1.2 ሜትር ይሆናል፤ 25 ሚሊ ሜትር የሆነውም ክብ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ማለት የእግር ኳስ ያህል ይሆናል። ያንኑ ውድቀት በ3 እርምጃ (16፥ 48፥ 80) ብትሥሉት ግን ክቡ የሎሚ ያህል ነው። በ12 እርምጃ (1፥ 3፥ 5 እያለ እስከ 23) ብትሥሉት ደግሞ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቋጥኝ ይሆናል። ክቡ አልተለወጠም፤ ከፍታውም አልተለወጠም። መጠኑን የነገረን ጊዜው ብቻ ነው። ጊዜ በእጥፍ ቢጨምር መጠኑ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ተማሪዎች ሦስቱንም ሠርተው ጎን ለጎን ይዩ።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፤ ኳሱ ከምን እንደተሠራ

እዚህ መጨፍለቅና መለጠጥ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር ውፍረት ያለው ሥዕል የሚባለው ሕግ።

ባለፈው ጊዜ የሣልነው ኳስ መሬት ሲነካም ክብ ነው። የሚነጥር ድንጋይ ይመስላል። ሲጨፈለቅ ግን ጎማ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ አለበት፤ ኳሱ ሲጨፈለቅ የሚያጣውን ቁመት በወርድ ያገኛል። ለሥዕል የሚበቃን ቀላል መንገድ ቁመቱ በወርዱ ተባዝቶ ሁልጊዜ 625 ያህል እንዲሆን ማድረግ ነው፤ 25 በ25 ያን ይሰጣልና። 31 ወርድና 20 ቁመት 620 ይሆናል፤ ይህ የተጨፈለቀው ነው። ያንኑ ገልብጣችሁ 31 ርዝመትና 20 ወርድ ብታደርጉት የተለጠጠው ይሆናል። ይህን ሳይጠብቅ በቁመት ብቻ የጨፈለቀ ተማሪ፥ ኳሱ አየር እንደወጣለት ፊኛ በየንጥረቱ ሲያንስና ሲተልቅ ያያል።

የተጨፈለቀው ሥዕል መሬት የሚነካው ብቻ ነው። የተለጠጠው ከእርሱ አስቀድሞ ያለውና ከእርሱ የሚቀጥለው ነው፤ የሚለጠጠውም በሚሄድበት ቅስት አቅጣጫ እንጂ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ አይደለም። ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ክብ ናቸው። በቅስቱ ጫፍ ላይ ኳሱን መለጠጥ ብዙ ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ እዚያ ኳሱ ሊቆም ጥቂት የቀረው ስለሆነ የሚለጥጠው ፍጥነት የለም።

መለጠጥ ያስፈለገበትም ምክንያት ከጎማነት ሌላ አለ። የመጨረሻው እርምጃ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኳሱ 25 ብቻ። ሁለቱ ሥዕሎች ፈጽሞ ስለማይነካኩ ዐይን አንድ የሚሄድ ኳስ ማየቱን ትቶ ሁለት የሚብለጨለጩ ኳሶችን ያያል። የተለጠጠው ሥዕል ያን ባዶ ቦታ በከፊል ይሞላዋል። ይህም ካልበቃ፥ በዚያች እርምጃ ላይ ብቻ ከመሬት 23 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ አንድ ሥዕል ጨምሩና ከ44ቱ ሥዕል ጋር እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ፍሬም አንሡ። በሰከንድ 12 የሚሠራ ፕሮግራም የያዘ ግን መቁጠሪያውን ወደ 24 አድርጎ ሌላውን ሁሉ ሁለት ሁለት ፍሬም ያቆየዋል።

ውፍረት ያለው ሥዕል የተባለውን ለማየት በኳሱ ላይ እንደ ብርቱካን ክፋይ የሚዞር አንድ መስመር ሣሉበት። ኳሱ ሲጨፈለቅ መስመሩም አብሮ ካልጎበጠ የሣላችሁት ኳስ ሳይሆን የካርቶን ቁራጭ ነው።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፤ ኳሱ ይፈልጋል

እስከ አሁን ኳሱን የሚያንቀሳቅሰው ከውጭ ነበር። ከእንግዲህ ከውስጥ ነው። ሁለት ዐይን ሣሉለት። ከፊቱ 36 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ አድርጉ፤ ጠርዙ ከኳሱ መካከል 40 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ኳሱ እዚያ ላይ መውጣት ይፈልጋል።

መጀመሪያ አቀራረብ። ኳሱንና ደረጃውን ከጎን ሣሏቸውና ሁለቱንም በጥቁር ሙሏቸው። በጥቁሩ ብቻ ነገሩ የሚገባ ከሆነ አቀራረቡ ትክክል ነው። ከፊት ለፊት ብትሥሉት ግን ኳሱና ደረጃው በጥቁሩ ውስጥ ተለይተው አይታዩም።

ቀጥሎ የአሣሣል መንገድ። ከአንድ ጀምሮ በተከታታይ መሣል ወይም ከቁልፍ ወደ ቁልፍ መሣል ይቻላል። ኳሱ ደረጃው ላይ በትክክል ማረፍ ስላለበት እዚህ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ቁልፎቹ ስድስት ናቸው፤ ቆሞ (1)፥ አጎንብሶ (10)፥ ሲነሣ (13)፥ ከቅስቱ ጫፍ (18)፥ ሲያርፍ (22)፥ ተረጋግቶ (28)። እነዚህን አስቀድማችሁ ሣሉ፤ የቀሩትን በኋላ በመካከላቸው ሙሉ።

አሁን መሰናዳት። አውራ በግ ሊዋጋ ሲል ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ወደ ላይ የሚዘልም ወደ ታች ያጎነብሳል። ኳሱ ከ1 እስከ 4 ይቆማል። በ3 እና በ4 ዐይኖቹ ብቻ ወደ ደረጃው ይነሣሉ። ከ5 እስከ 10 ቁመቱ ከ25 ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በየሥዕሉ የሚወርደውም ግማሽ፥ 1 ተኩል፥ 2፥ 2፥ 1 ተኩል፥ ግማሽ ነው። ወርዱ ምንጊዜም 625 ሲካፈል ለቁመቱ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻ 37 ያህል ይሰፋል። ከመውደቁ የበለጠ እዚህ መጨፍለቁን ልብ በሉ፤ ማጋነን የሚባለው ሕግ ይኸው ነው። የምናጋንነው ፍላጎቱን እንጂ እንዲያው ቅርጹን አይደለም። በ11 እና በ12 እንዳጎነበሰ ይቆያል። በ13 ታችኛው ጫፉ መሬት እንደነካ ተለጥጦ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ያለው የአንደኛው ክፍለ ጊዜ ቁጥር ነው። በ5 እርምጃ እስከ 100 ይወጣል፤ ከ19 እስከ 22 ደግሞ 96፥ 84፥ 64፥ 36 እያለ ይወርዳል። 36 ላይ ደረጃውን ያገኛል። ወደ ጎንም በየሥዕሉ 8 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ከተነሣበት 72 ሚሊ ሜትር ርቆ ያርፋል። ሲያርፍ 20 ቁመት ይሆናል፤ ከ23 እስከ 28 ወደ 27 ከፍ ብሎ፥ ወደ 24 ዝቅ ብሎ፥ በ25 ይረጋል። በጠቅላላው 28 ሥዕል ነው፤ ከሁለት ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ከ3 እስከ 12 ያሉትን ሥዕሎች አውጥታችሁ ቀሪውን ብቻ እዩ። ኳሱ በአየር ላይ የሚያደርገው ሁሉ እንደ በፊቱ ነው፤ ነገር ግን ዘለለ አይባልም፤ አንድ ሰው በክር የሳበው ይመስላል። ፍላጎቱ የነበረው በዝላዩ ውስጥ ሳይሆን ከዝላዩ በፊት ባሉት ዐሥር ሥዕሎች ውስጥ ነበር።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፤ ኳሱ ጅራት ያወጣል

ነጠላ ለብሳ የምትሮጥ ልጅ ድንገት ብትቆም የነጠላው ጫፍ ከእርስዋ ጋር አይቆምም፤ ጥቂት አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ተከትሎ መቅረትና ተደራራቢ እንቅስቃሴ የሚባለው ሕግ ይህ ነው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሥዕሎች ላይ 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ጅራት ጨምሩ።

ጅራቱን ከ1 ጀምራችሁ በተከታታይ ሣሉት፤ ጅራት የሚሄድበት ባለፈው ሥዕል ላይ ከነበረበት ስለሚወሰን በቁልፍ መሣሉ ያደርቀዋል። ኳሱ ሲወጣ ጅራቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ኳሱ በቅስቱ ጫፍ ላይ ሲዘገይ የጅራቱ ጫፍ ገና እየወጣ ነው። ኳሱ ሲወርድ ጅራቱ ከላይ ይቀራል። ኳሱ በ22 ሲያርፍ ጅራቱ ገና በአየር ላይ ነው፤ ሥሩ በ23፥ መካከሉ በ24፥ ጫፉ በ25 ይደርሳል፤ ጫፉ ደረጃውን መትቶ አንድ ጊዜ ይነሣል። ሁሉም በአንድ ሥዕል ላይ አብረው ከደረሱ ጅራቱ የብረት ዘንግ ነው።

ደጋፊ እንቅስቃሴ የሚባለው ደግሞ ኳሱ ቆሞ ሳለ የጅራቱ ጫፍ መሬቱን መታ መታ ማድረጉ ነው። ይህ ኳሱ ማመንታቱን ይነግረናል። ነገር ግን ዐይኖቹ ወደ ደረጃው በሚነሡበት በ3 እና በ4 ላይ ጅራቱ ዝም ይበል። ተመልካች ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አያይም፤ ጅራቱን ሲያይ ዐይኑን ያጣዋል።

የመጨረሻው ሳቢነት ነው። ሳቢነት ማማር ማለት አይደለም። ሁለቱ ዐይኖች ፍጹም አንድ ዐይነት፥ ጅራቱም ልክ በመካከል ከሆነ ኳሱ የሱቅ ምልክት ይመስላል። አንዱን ዐይን ጥቂት ትልቅ፥ ጅራቱን ወደ አንድ ጎን አድርጉና ልዩነቱን ተመልከቱ።

በኮምፒዩተር ለሚሠሩ

እነዚህ ሕጎች ከወረቀት ጋር አልቀሩም። ጆን ላሴተር በ1987 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ባቀረበው ጽሑፍ በኮምፒዩተር በሚሠራ አኒሜሽን ላይም እንደሚሠሩ አሳይቷል። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ቁልፎቹን ብቻ ሰጥታችሁ መካከሉን ኮምፒዩተሩ እንዲሞላ ስታደርጉ፥ ብዙ ፕሮግራሞች በሁሉም ቁልፍ ላይ በዝግታ መነሣትንና በዝግታ ማረፍን ይጨምራሉ። መሬት በሚነካው ቁልፍ ላይም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ኳሱ መሬት ሊደርስ ሲል ፍጥነቱን ቀንሶ እንደ ፊኛ ያርፋል። መድኃኒቱ የከፍታውን መስመር ከፍቶ በመሬት ቁልፍ ላይ ያለውን ኩርባ እንደ «ቪ» ፊደል ሹል ማድረግ ነው፤ ከላይ ያለው ጫፍ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቅር። የወደ ጎኑ መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ ይሁን።

የፈተናው ጥያቄ

ሥራው ሲያልቅ ትምህርቱን ላልተከታተለ ጓደኛ አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩትና ሦስት ነገር ጠይቁት። ኳሱ ምን ያህል ትልቅ ነው? ምን ፈለገ? ሊዘል መሆኑን ያወቅኸው መቼ ነው? የመጀመሪያውን ካላወቀ ጊዜውን እንደገና ቁጠሩ። ሁለተኛውን ካላወቀ ወደ ጥቁሩ ሥዕልና ወደ ዐይኖቹ ተመለሱ። ለሦስተኛው «ሲዘል ነው ያወቅሁት» ካላችሁ መሰናዳቱ አንሷል፤ ከ5 እስከ 12 ባሉት ሥዕሎች ላይ ሁለት ሦስት ጨምሩ። «ቀና ብሎ ሲያይ» ብሎ ከመለሰ ግን ወረቀቶቹን አስራችሁ አኑሯቸው፤ ኳሱ አስቧል።